የማጣቀሻ ስህተት ስንት ማርክ ያስቀንሳል?

በ1980 እ.ኤ.አ. «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተሰኘው የሕክምና መጽሔት አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት አንዲት ደብዳቤ አወጣ። ጸሐፊዎቹ ጄን ፖርተርና ኸርሼል ጂክ ይባላሉ። ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ ከተሰጣቸው 11,882 ሕሙማን መካከል፣ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ እንደያዛቸው በደንብ የተመዘገበው አራት ብቻ መሆናቸውን ነበር የገለጹት።

ደብዳቤዋ የምትናገረው ሆስፒታል ስለተኙ ሰዎች ብቻ ነው። ማስታገሻውን ቤቱ ወስዶ ለወራት ስለሚውጥ ሰው አንድም ቃል የላትም። በ2017 እዚያው መጽሔት ላይ የወጣ ቆጠራ ግን ደብዳቤዋን የጠቀሱ 608 ጽሑፎችን አገኘ። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ ሰባ ሁለት የሚሆኑት «ሱስ እምብዛም አይከሰትም» ለሚለው ሐሳብ ማስረጃ አድርገዋታል። ከመቶ ሰማንያ የሚሆኑት ደግሞ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አላነሡም። አጥኚዎቹ ይህ አጠቃቀስ በሰሜን አሜሪካ ለተከሰተው የማስታገሻ ሱስ ቀውስ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ያምናሉ።

አንድ ተማሪ ይህችኑ ደብዳቤ በተመሳሳይ መንገድ ቢጠቅስና ነጠላ ሰረዙን፣ ቅንፉንና ኢታሊኩን ሁሉ በቦታው ቢያስቀምጥ፣ ቅርጽ ብቻ የሚያይ መምህር ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል። የማርክ አሰጣጡ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ዋናውን ስህተት በነጻ አሳልፎ ጥቃቅኑን በውድ ያስከፍላል።

ኤፒኤ የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣው የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። በ1929 ጥቂት ገጾች ባሉት ጽሑፍ ተጀምሮ ዛሬ ሰባተኛ እትሙ ላይ ደርሷል። የጸሐፊው ስም፣ ዓመቱ፣ ርእሱ፣ ያሳተመው መጽሔት ወይም ድርጅት በቋሚ ቅደም ተከተል እንዲሰፍሩ የሚያዘው አንባቢ ምንጩን ሳይቸገር እንዲያገኘው ነው። ስለዚህ ማጣቀሻን የሚያርም ሰው ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት። ምንጩ በእርግጥ ይህን ይላል? አንባቢ በተሰጠው መረጃ ምንጩ ዘንድ ይደርሳል? አጻጻፉስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ነው? የጥያቄዎቹ ክብደት በዚሁ ቅደም ተከተል ይቀንሳል።

ፍተሻው ግን ከቀላሉ ቢጀመር ይሻላል። የዋቢ ዝርዝሩን አትሞ እርሳስ ይዞ መቀመጥ ነው። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ምንጭ በተጠቀሰ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ምልክት ይደረጋል። ሲያልቅ ምልክት ያላገኘ ካለ ያልተጠቀሰ ምንጭ ነው፤ በጽሑፉ ተጠቅሶ ከዝርዝሩ የጠፋ ካለ ደግሞ አንባቢው የማይደርስበት ምንጭ ነው። ቀጥሎ ዲኦአይ የተባለው መለያ ቁጥር ያላቸውን በአሳሽ ላይ ከ https://doi.org/ ቀጥሎ ቁጥሩን አስገብቶ መክፈት ነው። የሚከፈተው ሌላ ጽሑፍ ከሆነ ወይም ምንም ካልተከፈተ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይሁንና ብዙ የቆዩ መጻሕፍትና የአገር ውስጥ መጽሔቶች ይህ ቁጥር የላቸውም፤ ቁጥር ማጣት ብቻውን ጥፋት አይደለም።

ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሃያውንም ምንጭ ማንበብ ስለማይቻል አምስት ይመረጣሉ። የሚመረጡትም በዕጣ ሳይሆን የጽሑፉ ክርክር የቆመባቸው፣ አኃዝ የተወሰደባቸው፣ «ተረጋግጧል» ወይም «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚሉ ቃላት አጠገብ ያሉት ናቸው። ገጹን ከፍቶ ምንጩ የሚናገረው ስለ እነማን፣ ስለ የትኛው ቦታና ጊዜ፣ በምን ያህል እርግጠኝነት እንደሆነ ከተማሪው ዓረፍተ ነገር ጋር ማስተያየት ነው። የፖርተርና ጂክ ደብዳቤ የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ብትጠየቅ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው አይሳሳትም ነበር።

ቅርጽ የሚመስል ስህተትም ውስጡ የይዘት ስህተት ሊሆን ይችላል። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ እንውሰድ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም በ1991 ሲወጣ ከ1855 እስከ 1974 ያለውን ዘመን ይሸፍን ነበር። በ2001 የወጣው ሁለተኛው እትም እስከ 1991 ይዘልቃል። ተማሪው ስለ ደርግ ዘመን ጽፎ በቅንፍ 1991 ቢል ነገሩ የአንድ አኃዝ ግድፈት ይመስላል። ነገር ግን ወደ መጀመሪያው እትም የሄደ አንባቢ ተማሪው የጠቀሰውን አያገኝም። ዓመተ ምሕረትንና እ.ኤ.አ.ን ሳይለዩ መቀላቀልም እንዲሁ ነው፤ ምንጩን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያርቀዋል።

ስሙን በተመለከተ ግን ፍርዱ ለስለስ ማለት አለበት። የኤፒኤን የተለመደ አሠራር የተከተለ ተማሪ «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ይጽፋል። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ ግን የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ «ባሕሩ ዘውዴ» ብሎ በራሱ ስም መዘርዘር የተለመደ ነው። ትምህርት ክፍሉ አንዱን መርጦ ካላሳወቀ ሁለቱም ያስኬዳሉ። ማርክ የሚያስቀንሰው በጽሑፉ ውስጥ «ባሕሩ» ብሎ በዝርዝሩ «ዘውዴ» ማለት ነው፤ አንባቢ በ«ባ» ፈልጎ ያጣዋልና።

አሁን ወደ ማርኩ እንምጣ። ከመቶው አሥሩ ለማጣቀሻ ተመድቧል እንበል። ብዙ መምህራን ለእያንዳንዱ ግድፈት ሩብ ማርክ ይቀንሳሉ። በዚህ አካሄድ ሃያ ምንጮችን በእውነት አንብቦ ኢታሊክ ማድረጉን ግን በሃያውም ላይ የረሳ ተማሪ አምስት ማርክ ያጣል። ዝርዝሩን በሶፍትዌር አሳምሮ ሁለት ምንጮችን ያላሉትን ያስባለው ጓደኛው ምንም አይቀነስበትም።

የእኔ ሐሳብ አሥሩን አምስት፣ ሦስትና ሁለት አድርጎ መክፈል ነው። አምስቱ ለትክክለኛነት ይሁን፤ ምንጩ የማይለውን ማስባል እያንዳንዱ ሁለት ማርክ ያስቀንስ። ሦስቱ አንባቢን ምንጩ ዘንድ ለማድረስ ይሁን፤ ከዝርዝር የጠፋ ምንጭ ወይም የተሳሳተ ዓመት እያንዳንዱ ግማሽ ያስቀንስ። ሁለቱ ለቅርጽ ይሁን፤ እዚህ ላይ የአንድ ዓይነት ስህተት ሃያ ጊዜም ቢደጋገም አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጥሮ ግማሽ ማርክ ይቀነስበት። ተማሪው ያልገባው አንድ ደንብ ነውና። በዚህ ሚዛን ኢታሊኩን የረሳው ግማሽ ማርክ ሲያጣ ጓደኛው አራት ያጣል። የባሕሩን መጽሐፍ እትም የሳተው፣ መጽሐፉን በትክክል አንብቦ ዓመቱን ብቻ ካዛባ ግማሽ ይቀነስበታል፤ በየትኛውም እትም የሌለ ነገር ከጻፈ ሁለት ማርክ ያጣል።

ከሰንጠረዡ ውጭ የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ። ያልኖረን ጽሑፍ ፈጥሮ መጥቀስ የማርክ ጉዳይ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጥሰት ነው፤ ለሚመለከተው ኮሚቴ ይቀርባል። ከዚያ በፊት ግን ተማሪው ምንጩን እንዲያሳይ መጠየቅ ግድ ነው። ከሌላ መጽሐፍ ላይ የወሰደው ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ኤፒኤ ይህን አይከለክልም፤ ያነበብከውን መጽሐፍ አስፍረህ የመጀመሪያው ምንጭ በእርሱ ውስጥ መጠቀሱን ተናገር ነው የሚለው። ይህን ሳይል የቀረ ተማሪ ያላነበበውን አነበብኩ ብሏል፤ ሐሳዊ ምንጭ ከፈጠረው ጋር ግን አንድ ላይ አይፈረድበትም።

ሰንጠረዡ ሥራው ሲሰጥ አብሮ ይታደል። ተማሪው ከማስረከቡ በፊት ባለው ምሽት ነጠላ ሰረዝ ሲያስተካክል ከሚያመሽ፣ ክርክሩ የቆመባቸውን አምስት ምንጮች መልሶ እንዲከፍት የሚያደርገው ማርኩ የት እንዳለ ማወቁ ነው።