«ሎኬሽን ላኩልኝ» ለሚባሉ እናት የሚሆን የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ

ዕቃ ይዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሾፌር የቤቱን በር ማግኘት ሲያቅተው «በዋትስአፕ ሎኬሽን ላኩልኝ» ይላል። እናትየዋ ሜሪላንድ ወዳለችው ልጃቸው ይደውላሉ፤ እዚያ ደግሞ ሌሊት ነው። ብትነሳ እንኳ በስልክ «እዚያ ጋ ንኪው» «የቱ ጋ?» እየተባባሉ ሩብ ሰዓት ያልፋል። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ በስክሪን ሪከርድ ቀርጾ መላክ ይቻላል። ስልኩ የራሱን ገጽ ከተናጋሪው ድምፅ ጋር በቪዲዮ ይቀዳል፣ እናትየውም ደጋግመው ያዩታል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ አዲስ መተግበሪያ መጫን አያስፈልግም። አይፎን ከ2017 ጀምሮ መቅረጫ አለው፤ አንድሮይድም ከ11ኛው ስሪት ወዲህ ከላይ ወደ ታች ሲሳብ በሚወርደው ሰሌዳ ላይ Screen record የሚል ቁልፍ ይዟል። እንደ ኤክስሪከርደር እና ኤዚ ስክሪን ሪከርደር ያሉት የሚጠቅሙት ከዚያ በፊት ለወጡ ስልኮች ነው።

ከመቅጃው ምርጫ ይልቅ የሚያሳስበው የሚቀረጸው በየትኛው ስልክ እንደሆነ ነው። ልጅቷ የያዘችው አይፎን፣ እናቷ የያዙት ቴክኖ ነው እንበል። በአይፎን ዋትስአፕ ላይ ፎቶም ሆነ ሎኬሽን ለመላክ የሚነካው ከመጻፊያው በስተግራ ያለችው የመደመር ምልክት ናት። በአንድሮይድ ግን የወረቀት መያዣ የመሰለች ምልክት ናት፣ ያውም በቀኝ በኩል። ልጅቷ በራሷ ስልክ ቀርጻ ብትልክ እናት የሌለ መደመር ሲፈልጉ ይውላሉ። እንግዲያው ቀረጻውን አዲስ አበባ ያለው፣ ቴክኖ የያዘው ወንድሟ ቢሠራው ይሻላል። የእናትየው ስልክ በአማርኛ ከሆነ እሱም የራሱን ለጊዜው ወደ አማርኛ ይቀይረው።

ወንድምየው ቁልፉን ሲነካ ሁለት ጥያቄ ይመጣለታል። ድምፅን ማይክሮፎን ላይ ያደርጋል፤ ያለዚያ ቪዲዮው ድዳ ይሆናል። ቀጥሎ Show touches on screen የሚለውን ያበራል፤ ጣቱ ባረፈበት ሁሉ ነጭ ነጥብ ትታያለች። አይፎን ይህችን ነጥብ ስለማያሳይ እዚያ የሚቀርጽ ሰው እያንዳንዱን ቦታ በቃል መናገር አለበት። ማይክሮፎኑም የሚበራው የመቅረጫው ምልክት ላይ ጣትን ጫን አድርጎ በማቆየት ነው።

አሁን ብዙዎች የማያስቡት ነገር ይመጣል። ወንድምየው ከዚህ በፊት ሎኬሽን ልኮ ስለሚያውቅ ስልኩ ፈቃድ አይጠይቀውም። የእናቱ ስልክ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን «ዋትስአፕ ያሉበትን ቦታ ይወቅ?» የሚል ሳጥን ያወጣል። ቪዲዮው ላይ ያላዩት ነገር ድንገት ሲመጣባቸው ደንግጠው ይዘጉታል፣ ወይም ይከለክሉታል። ስለዚህ ከመቅረጹ በፊት በሴቲንግ ውስጥ ወደ ዋትስአፕ ፈቃዶች ገብቶ Location የሚለውን Ask every time ላይ ያደርገዋል። ሳጥኑ በቀረጻው ውስጥ ይመጣል፣ እሱም While using the app የሚለውን ሲነካ ያሳያል።

ቀረጻው የሚጀምረው ከአንድ ሰው ቻት ውስጥ ነው፤ ከዝርዝሩ ከጀመረ የሌሎች ሰዎች መልእክት አብሮ ይቀረጻል። «እማዬ፣ ከታች ይቺን የወረቀት መያዣ ንኪያት» ይላል፤ ነጥቧን ለአፍታ ያቆያል። Location ን ይነካል፣ ካርታው ይከፈታል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ ከላይ የተቀመጠው Share live location ሰውየው የሚሄድበትን ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት እያሳየ የሚቀጥል ነው። ለሾፌሩ የሚበቃው ከሥሩ ያለው Send your current location ነው። ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ስልኩ በስንት ሜትር ልዩነት ቦታውን እንዳወቀ ይጽፋል። ቁጥሩ በመቶዎች ከሆነ የቤቱ ጣሪያ ሳተላይቱን እየከለለው ሊሆን ስለሚችል «ግቢ ወጥተሽ ቁጥሩ እስኪቀንስ ጠብቂ» ማለት ይገባል። ካርታው የቀራጩን ቤት እንዳያሳይ ደግሞ ካፌ ወይም ሌላ የሕዝብ ቦታ ሆኖ መቅረጽ ያዋጣል።

ይኸው ዘዴ ለባንክ መተግበሪያ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስልኩ አልተበላሸም፤ መተግበሪያው ራሱ መቀረጽን ከልክሎ ነው። የማይከለክል ቢገኝም ምስጢር ቁጥር ሲጻፍ ቁልፎቹ በቪዲዮው ላይ ሊታዩ ስለሚችሉ ያን ክፍል ጨርሶ አለመቅረጽ ነው።

የተላከው ቪዲዮ በሰላምታና በፎቶ ብዛት ወደ ላይ ገፍቶ ይጠፋል። ወንድምየው በእናቱ ቻት ላይ ፒን ቢያደርገው ከላይ ተለጥፎ ይቆያል፤ ዋትስአፕ የሚፈቅደው ረጅሙ ጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ግን ከዚያ በኋላ እንደገና ፒን ማድረግ አለበት።