ከ50 ሚሊ ሰከንድ ቀጥሎ የሚመጣው 8 ሰዓት

የክልል ከተሞችን በፋይበር ኦፕቲክ ቀለበት ለማገናኘት በሚወጣ የጨረታ ሰነድ ውስጥ ተጫራቾች ሁሉ ሳያንገራግሩ «እናሟላለን» የሚሏቸው ሁለት መስፈርቶች አሉ። አንደኛው አገልግሎቱ ከዓመቱ 99.99 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ መሥራት አለበት ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ገመዱ ሲቆረጥ ትራፊኩ በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ወደ ሌላው አቅጣጫ መዞር አለበት ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ግን አይደለም።

50 ሚሊ ሰከንድ የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ከተሞቹ ክብ ሠርተው ስለተያያዙ፣ አንዱ ጎን ሲቆረጥ በየጣቢያው ያሉት መሣሪያዎች የሰው እጅ ሳይነካቸው ትራፊኩን በሌላው ጎን ይልኩታል። ቁጥሩ የመጣው ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደረጃዎች ነው፤ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ለምሳሌ ጂ.8032 የተባለው የኢተርኔት ቀለበት ደረጃ 50 ሚሊ ሰከንዱን ያስቀመጠው ዙሪያው ከ1200 ኪሎ ሜትር በታች ለሆነና ከ16 ያነሱ ጣቢያዎች ላሉት ቀለበት ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያና በደብረ ታቦር አልፎ ባሕር ዳርን፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስን ነክቶ የሚመለስ ቀለበት ቢታሰብ ዙሪያው ወደ 1400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቁጥሩን ከሌላ ሰነድ ገልብጦ ያሰፈረ ባለሙያ ደረጃው የማይሸፍነውን ነገር ጠይቋል ማለት ነው። ወይ ቀለበቱን ለሁለት መክፈል፣ ወይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል።

99.99 በመቶው ግን ከዚህ ሁሉ ጋር ብዙም አይገናኝም። በኅብረቱ የመለኪያ ደንብ መሠረት አንድ መስመር «ከአገልግሎት ውጭ ሆነ» የሚባለው ቢያንስ 10 ተከታታይ ሰከንዶች ክፉኛ ሲበላሹ ነው፤ የ50 ሚሊ ሰከንድ መቋረጥ ከሒሳቡ አይገባም። የሚገባው ሁለቱም ጎኖች በአንድ ጊዜ የተቆረጡበት ሰዓት ነው። የተፈቀደው ደግሞ በዓመት ወደ 53 ደቂቃ ብቻ ነው።

እንግዲህ እናስላው። ደብረ ታቦር ከዚህ ቀለበት መሀል አካባቢ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ በሁለቱም ወገን 700 ኪሎ ሜትር ትርቃለች እንበል። በየ100 ኪሎ ሜትሩ በዓመት አንድ መቆረጥ ቢያጋጥም፣ እያንዳንዱም በ8 ሰዓት ቢጠገን፣ አንዱ ጎን በዓመት 7 ጊዜ ይቆረጣል፤ 56 ሰዓት ይቆማል ማለት ነው። ይህ ከዓመቱ 8760 ሰዓት 0.64 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱ ጎኖች አብረው የሚቆሙበትን ዕድል ለማግኘት ይህን በራሱ ማባዛት ነው፤ ውጤቱ በዓመት ወደ 21 ደቂቃ ይሆናል። ግቡ ተመታ።

አሁን የጥገና ቡድኑ ሩቅ ሆነና ጥገናው 24 ሰዓት ፈጀ እንበል። ጊዜው በ3 እጥፍ ቢያድግም ጉዳቱ የሚያድገው በ9 እጥፍ ነው፤ 21 ደቂቃው ከ3 ሰዓት በላይ ይሆናል። ቀለበቱ ያው ቀለበት፣ መሣሪያውም ያው መሣሪያ ነው። ግቡን የሚያሳካው በጨረታው ላይ የሚኩራሩበት ማሽን ሳይሆን መለዋወጫ ገመድና የፋይበር መበየጃ ይዞ በቅርብ ከተማ የተቀመጠ ቡድን ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ይህ ስሌት የሚሠራው ሁለቱ ጎኖች ፈጽሞ ካልተገናኙ ነው። ከተማ መግቢያ ላይ ግን ሁለቱን ገመዶች በአንድ ቦይ ወይም በአንድ ድልድይ ማሳለፍ ይረክሳል። እንዲህ የተጋሩት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በዚያው የመቆረጥና የጥገና ግምት በዓመት 24 ደቂቃ ይጨምራል፤ 1400 ኪሎ ሜትሩ ሁሉ ካስከተለው 21 ደቂቃ ይበልጣል። ቁፋሮ በማያባራበት የከተማ መንገድ ላይ ደግሞ ግምቱ ራሱ ለጋስ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ከተጋሩ 99.99 በመቶ ከወረቀት አያልፍም። ስለዚህ ሰነዱ «የተለያየ መንገድ» ብሎ መተው የለበትም፤ በሁለቱ ገመዶች መካከል የሚኖረውን ዝቅተኛ ርቀት በሜትር ይጻፍ፣ ካርታም ይጠየቅ። ጣቢያዎቹ መብራት ሲጠፋ የሚቆሙበትን ጊዜ ይህ ስሌት እንዳልጨመረም ማወቅ ይገባል።

የጥገናው አንቀጽ ሲጻፍ «በአማካይ 8 ሰዓት» የሚለው ሐረግ ያሳስታል። 9 ብልሽቶች በ5 በ5 ሰዓት ተጠግነው አሥረኛው 35 ሰዓት ቢፈጅ አማካዩ ልክ 8 ነው፤ ሌላው ጎን ለመቆረጥ ሰፊ ዕድል የሚያገኘው ግን በዚያ 35 ሰዓት ውስጥ ነው። ከአማካዩ ጎን የእያንዳንዱ ጥገና የመጨረሻ ገደብ፣ 12 ሰዓት እንበል፣ ከነቅጣቱ መቀመጥ አለበት። ሰዓቱ ከየት እንደሚጀምርም መጻፍ አለበት፦ ማስጠንቀቂያው በመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ስክሪን ላይ ከታየበት ቅጽበት እንጂ፣ ተቋራጩ ስልኩን ካነሳበት አይደለም።