አረንጓዴ ድንችና ሶላኒን

ድንች ቆዳው አረንጓዴ ሲሆን የሚታየው ቀለም ራሱ መርዝ አይደለም። ጎመንን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ክሎሮፊሉን ያመጣው ብርሃን ሌላም ነገር መቀስቀሱ ነው። ድንች ሥር ቢመስልም ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው። ፀሐይ ወይም የመብራት ብርሃን ሲያገኘው እንደማንኛውም ግንድ አረንጓዴ ይሆናል፤ በዚያው ጊዜ ራሱን ከተባይና ከሻጋታ የሚከላከልባቸውን ሶላኒንና ቻኮኒን የተባሉ ሁለት መራራ መርዞች በቆዳው ሥር ያከማቻል። ሁለቱ ዘወትር አብረው ስለሚገኙ በልማድ ሶላኒን ተብለው ይጠራሉ።

ቀለሙና መርዙ ግን ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። የተቀጠቀጠ፣ የቆሰለ ወይም ብዙ የቆየ ድንች ጨለማ ውስጥ ሆኖም፣ ቀለሙ ምንም ሳይለወጥ፣ መርዙ ሊጨምር ይችላል። ሲበቅል ደግሞ መርዙ ከሁሉም በላይ የሚበዛው በቡቃያውና ቡቃያው በወጣበት ዓይን ዙሪያ ነው።

ጉዳቱ በዝርዝር ከተመዘገበባቸው አጋጣሚዎች አንዱ በደቡብ ለንደን፣ ሉዊሻም በሚገኝ የወንዶች ትምህርት ቤት የደረሰው ነው። ዘገባው በ1979 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ተማሪዎቹ ምሳ የበሉት ከክረምቱ ዕረፍት በፊት ተገዝቶ ከተረፈ ጆንያ የወጣ ድንች ነበር። ከሰዓታት በኋላ 78 ልጆች ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ያዛቸው። 17ቱ ሆስፒታል ገቡ፤ ጥቂቶቹ ራሳቸውን እስከ መሳትና እስከ መቃዠት ደረሱ። ሁሉም ድነዋል። ከድንቹ የተረፈው ሲመረመር በአንድ ኪሎ ወደ 330 ሚሊግራም መርዝ ተገኘበት። ደህና ድንች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊግራም በታች ይይዛል፤ ብዙ አገሮች ከ200 በላይ የያዘውን ለምግብ አይመክሩም።

ልጆቹን ያመማቸው ሶላኒን በሁለት መንገድ ስለሚጎዳ ነው። መጀመሪያ የሚያገኘው አንጀትን ነው። የሴሎችን ሽፋን አጥብቆ ከሚይዘው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ከዚህ ይመጣል። ወደ ደም የዘለቀው ደግሞ ነርቭ ለጡንቻ ያስተላለፈውን መልእክት ሥራው ሲያልቅ የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያግዳል። መልእክቱ ሳይጠፋ ሲቀር ራስ ምታት፣ መዛል፣ ሲከፋም መቃዠትና የልብ ምት መዛባት ይከተላል። መርዙ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መብላትም ይደራረባል።

መጠኑ ከሰው ክብደት ጋር ይታያል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2020 እ.ኤ.አ. ሕመም የታየበት ዝቅተኛ መጠን ብሎ የያዘው ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ የሚደርሰው በ60 ሚሊግራም ነው፤ የሉዊሻሙ ዓይነት ድንች ከሆነ 180 ግራም ገደማ ይበቃል። 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ግን 45 ግራም፣ ማለትም አንድ ትንሽ ድንች እንኳ የማይሞላ ቁራሽ ነው። ስለዚህ ለትልቅ ሰው ብዙም የማያሳስብ ድንች ለልጅ መቀቀል የለበትም።

መቀቀልም መጥበስም አያድንም። ሶላኒን የሚፈርሰው ከ240 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ የፈላ ውኃ 100፣ የመጥበሻ ዘይት 180 አካባቢ ነው። የሚጠቅመው ቢላ ነው። መርዙ የሚከማቸው በአብዛኛው ከቆዳው በታች ባለው ጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ስለሆነ፣ ጥቂት አረንጓዴ ያለበትን ጠንካራ ድንች ወፈር አድርጎ ልጦ አረንጓዴውን በሙሉ ማስወገድ ይቻላል። አጭር ቡቃያ ካለው ከነዓይኑ ጠለቅ ብሎ ይቆረጣል። አረንጓዴው ወደ ውስጥ ከዘለቀ፣ ድንቹ ከተጨማደደ ወይም ቡቃያው ከረዘመ ግን መጣል ነው። የተቀቀለው ድንች ሲቀመስ ከመረረ ወይም ጉሮሮ ካቃጠለ እዚያው ማቆም ያስፈልጋል። በርበሬና ቅመም በበዛበት ወጥ ውስጥ ምሬቱ ላይለይ ስለሚችል፣ ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማየቱ ይሻላል።

አረንጓዴነት የሚፈለግበት ቦታም አለ። የድንች ዘር የሚያባዙ አርሶ አደሮቻችን ለዘር የመረጡትን በቀጥታ ፀሐይ ሳይሆን ፍንጥቅ ብርሃን በሚገባበት የመደርደሪያ መጋዘን ያስቀምጡታል። እዚያ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቡቃያውም አጭርና ጠንካራ ሆኖ ለተከላ ይደርሳል። ከዘር የተረፈው ይህ ድንች ለገበያ ከወጣ መልኩ ያስታውቃል፤ ዋጋው ቢረክስም ለድስት መገዛት የለበትም። ለምግብ የሚሆነው ድንች የሚቀመጠው ከዘሩ በተቃራኒ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ አየር የሚያገኝና የጨለመ ቦታ፣ በፌስታል ሳይሆን በጆንያ ወይም በቅርጫት ተሸፍኖ።