መታጠፍ ያልነበረበት ሽቦ

ለቤት መብራት ዝርጋታ ከሚሸጠው ባለ 2.5 ሽቦ ስንዝር ያህል ቆርጠው ፕላስቲኩን ይግፈፉት። ውስጡ ያለው አንድ ወጥ መዳብ በሁለት ጣት ይታጠፋል። አሁን የታጠፈበትን ቦታ መልሰው ለማቃናት ይሞክሩ። እጥፋቱ እሺ አይልም፤ ግራና ቀኙ ይጎብጣል እንጂ እሱ ባለበት ይቀራል። እዚያው ቦታ ላይ ደጋግመው ቢያጥፉት እየጠነከረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይሰበራል። ከመሰበሩ በፊት በእሳት ቢያቀሉት ግን እንደ መጀመሪያው ይለዝባል። አንጥረኞች ይህን ጠባዩን ጥንትም ያውቁት ነበር።

የፊዚክስ ሰዎችን ያስጨነቃቸው ግን መጠንከሩ ብቻ አልነበረም። ከሁሉ በፊት ሽቦው መታጠፉ ራሱ ከስሌታቸው ጋር አይገጥምም ነበር።

መዳብ ክሪስታል ነው። አቶሞቹ ሥርዓት ባለው መንገድ፣ ንብርብር በንብርብር ተደርድረዋል። ታጥፎ በዚያው ከቀረ ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራተዋል ማለት ነው። በ1926 ሶቪየታዊው ፊዚሲስት ያኮቭ ፍሬንክል ይህ መንሸራተት ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ አሰላ። የላይኛው ንብርብር አቶሞች በታችኞቹ መካከል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጠዋል። ወደሚቀጥለው ጎድጓዳ ለመሻገር መጀመሪያ ሽቅብ መውጣት አለባቸው፤ ተቃውሞው ሩብ መንገድ ላይ ሲደርሱ ይበረታል፣ ግማሹን ካለፉ በኋላ ግን ራሳቸው ወደ አዲሱ ቦታ ይወድቃሉ። ንብርብሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሻገራል ብሎ ሲያሰላ የሚፈለገው ኃይል ብረቱ ለመጣመም ካለው ግትርነት አንድ ስድስተኛ ገደማ ሆኖ ወጣ። ይህ በመዳብ ሲሰላ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 70 ቶን ግድም ይሆናል። አንድ ወጥ የሆነ ንጹሕ የመዳብ ክሪስታል ግን በተግባር ሲሞከር በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ10 ኪሎ ባነሰ ኃይል መንሸራተት ይጀምራል።

ስሌቱ ሻካራ ነው ቢባል እንኳ በአቶሞች መካከል ያለውን ኃይል በተሻለ የሚገልጹ የኋላ ስሌቶች ቁጥሩን ያወረዱት ወደ 15 ቶን ነው። ከሺህ እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት በሂሳብ ማስተካከያ አይጠፋም። ስህተቱ ከመነሻው፣ ንብርብሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል ከሚለው ግምት ላይ ነበር።

መልሱን በ1934 ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ደረሱበት፦ እንግሊዛዊው ጄፍሪ ቴይለር፣ ሃንጋሪያውያኑ ኤጎን ኦሮዋንና ማይክል ፖላኒ። እነሱ እንዳሉት ክሪስታሉ ፍጹም አይደለም። አንዳንድ የአቶም ንብርብሮች ከላይ ጀምረው መሐል ላይ ይቋረጣሉ፤ ከታች የሚቀጥላቸው የለም። ንብርብሩ የተቋረጠበት ጠርዝ በክሪስታሉ ውስጥ እንደ መስመር ይዘልቃል። ይህ መስመር ዲስሎኬሽን ይባላል። በዙሪያው ያሉ አቶሞች ከወዲሁ ከቦታቸው ስለተዛነፉ ትንሽ ሲገፉ ጠርዙ ላይ ያሉት ከአንዱ ጎረቤት ለቀው ከሌላው ይያያዛሉ፤ ጠርዙም አንድ እርምጃ ይሄዳል። እርምጃው በመዳብ ውስጥ ከሚሊ ሜትር አንድ አራት ሚሊዮንኛ ያህል ነው። መስመሩ ክሪስታሉን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ የላይኛው ክፍል በዚያችው አንድ እርምጃ ተንሸራትቶ ይገኛል፤ የተለቀቀውና የተያያዘው ግን በየጊዜው በጠርዙ ላይ ያለው ብቻ ነው። ትልቅ ምንጣፍ በአንድ ጫፍ ይዞ መጎተት ይከብዳል፤ አንድ እጥፋት ሠርቶ እሱን እየገፉ ወዲያኛው ጫፍ ማድረስ ግን ለልጅም አይከብድም።

ሐሳቡ ለሃያ ዓመት ያህል በአብዛኛው በወረቀት ላይ ቆየ። በ1956 በካምብሪጅ ፒተር ኸርሽና ባልደረቦቹ በጣም የሳሳ አሉሚኒየም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ መስመሮቹ በዓይናቸው ፊት ሲንቀሳቀሱ አዩ። ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያሳምነው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1952 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የተደረገው ሙከራ ነው። እንደ ፀጉር ከብረት ላይ የሚበቅሉ፣ የስልክ መሣሪያዎችን ሾርት እያደረጉ ያስቸገሩ ቀጫጭን የቆርቆሮ ብረት ክሮች ነበሩ። ኸሪንግና ጎልት እነዚህን ክሮች አጥፈው ሲለቋቸው ተመልሰው ተቃኑ፤ ጥንካሬያቸውም ፍጹም ከሆነ ክሪስታል ወደሚጠበቀው የቀረበ ሆነ። በእነዚያ ክሮች ውስጥ መንሸራተትን የሚያስጀምር ዲስሎኬሽን የለም ማለት ይቻላል።

ዲስሎኬሽን ድክመት ከሆነ ሽቦው ሲታጠፍ ለምን ይጠነክራል? ምክንያቱም መስመሮቹ ይባዛሉ። ሁለት ጫፉ የተያዘ ዲስሎኬሽን ሲገፋ ይለጠጥና ቀለበት ሠርቶ ይለቃል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በእሳት በለዘበ መዳብ ውስጥ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽን የሚያቋርጡት ከአንድ ሚሊዮን እስከ መቶ ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ክፉኛ በተቀጠቀጠው ውስጥ መቶ ቢሊዮንና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። ያን ያህል ሲበዙ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል። እሳቱ የሚያደርገው አዲስ፣ ከሞላ ጎደል ከውጥንቅጡ ነጻ የሆነ ክሪስታል በአሮጌው ቦታ እንዲያድግ ነው።

ሽቦው ደግሞ አንድ ክሪስታል አይደለም። አዲስ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ላይ እንደ አበባ የሚያብለጨልጩትን ቅርጾች ልብ ብለው ከሆነ፣ እያንዳንዱ ቅርጽ አቶሞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የተደረደሩ አንድ የዚንክ ክሪስታል ነው። መሐንዲሶች ግሬይን ይሉታል፤ ቅንጣት እንበለው። በመዳብ ሽቦ ውስጥም ቅንጣቶች አሉ፣ ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ዲስሎኬሽን በአንዱ ቅንጣት ውስጥ ሄዶ ድንበሩ ላይ ሲደርስ የሚንሸራተትበት መንገድ ያበቃል፤ ጎረቤቱ የተደረደረው በሌላ አቅጣጫ ነውና። ከኋላው የመጡት ይከማቹበታል። ክምችቱ ሲረዝም ፊተኛው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበረታና ጎረቤቱ ውስጥ አዲስ መንሸራተት ይቀሰቅሳል። ትልቅ ቅንጣት ረጅም ክምችት ይይዛል፤ ስለዚህ ቶሎ ይሸነፋል። ትንሹ ግን ይጸናል።

ኤሪክ ሆል በ1951፣ ኖርማን ፔች በ1953 ይህን በቁጥር አስቀመጡት፦ የቅንጣቱ ስፋት ወደ ሩብ ሲወርድ ድንበሮቹ የሚጨምሩት ጥንካሬ እጥፍ ይሆናል። ቅንጣቶቹ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሆኑ መዳብ ሲጎተት በካሬ ሴንቲ ሜትር 360 ኪሎ ገደማ ላይ እጁን ይሰጣል። ቅንጣቶቹ ወደ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ቢወርዱ 1,350 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። በእሳት ላይ አብዝቶ የቆየ መዳብ ቅንጣቶቹ ስለሚያድጉ በጣም ይለዝባል፤ ሲታጠፍም ገጹ ይሻክራል፣ እያንዳንዱ ትልቅ ቅንጣት በራሱ መጠን ስለሚንሸራተት። አንጥረኛው ሳያስበው ከልክ ማለፉን የሚያውቀው በዚህ ነው።

ቅንጣትን ማሳነስ ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። ከ10 ወይም 20 ናኖ ሜትር ሲያንስ ዲስሎኬሽን የሚከማችበት ቦታ ያጣል፤ ድንበሮቹ ራሳቸው መንሸራተት ይጀምሩና ብረቱ ተመልሶ ይደክማል። በከፍተኛ ሙቀትም ድንበር መከታ መሆኑ ይቀራል። በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ከሚነደው ጋዝ ፊት የሚሽከረከሩት የኒኬል ቅይጥ ምላጮች በቀይ ግለት ሥር በሺህ ለሚቆጠር ሰዓት ይጎተታሉ፤ ቅንጣቶች ቢኖሯቸው በድንበሮቻቸው ላይ ቀስ በቀስ እየተለጠጡ ይሰነጠቁ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ድንበር አልባ ሆነው፣ ምላጩ በሙሉ አንድ ክሪስታል ሆኖ ይጣላል፤ ዲስሎኬሽኖቹን የሚያግዱትም በውስጡ ጥቅጥቅ ብለው የተበተኑ፣ የተለየ አደራደር ያላቸው የኒኬልና አሉሚኒየም ጥቃቅን ክሪስታሎች ናቸው።