የሐዲስ ፍለጋ የሚመዘንባቸው ሁለት ሚዛኖች

ስለ ሶብር፣ ማለትም ስለ ትዕግሥት፣ የተዘገቡ ሐዲሶችን በኮምፒዩተር ስንፈልግ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ከመጡልን ውስጥ ጉዳዩን የሚመለከቱት ምን ያህሉ ናቸው? ይህን ጥራት እንለዋለን። ጉዳዩን ከሚመለከቱት ሁሉ ምን ያህሉ መጡልን? ይህን ምሉዕነት እንለዋለን።

በአንድ ስብስብ ውስጥ ስለ ትዕግሥት የሚናገሩ 40 ሐዲሶች አሉ እንበል። «ሶብር» የሚለውን ቃል ብቻ ስንፈልግ 20 መጡ፤ ትክክለኞቹ 18 ናቸው። ጥራቱ 90 በመቶ ነው፤ ምሉዕነቱ ግን 45 በመቶ ብቻ ነው፤ «ኢስቢር» (ታገሥ) እና ሌሎች እርባታዎች ቀርተዋልና። ፍለጋውን ወደ ሥርወ ቃሉ፣ ወደ ሷድ፣ ባእ እና ራእ፣ ስናሰፋው 60 መጡ፤ ትክክለኞቹ 36 ናቸው። ምሉዕነቱ ወደ 90 በመቶ ወጣ፤ ጥራቱ ወደ 60 ወረደ። ከዚሁ ሥር የሚወጣው «ሱብራ» ክምር ማለት ነውና፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ያገኙበት የእህል ክምር ሐዲስም አብሮ ይመጣል።

የቀሩት 4 ሐዲሶች ቃሉን ሳያነሡ በሕመምና በመከራ ስለሚገኝ ምንዳ የሚናገሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የጥራት ጉድለት ውጤቱን ላነበበ ሁሉ ይታያል፤ የምሉዕነት ጉድለት ግን የቀረው ነገር ስለሆነ አይታይም። የሚታወቀው አንድ ምዕራፍ በዓይን ተነብቦ ከፍለጋው ውጤት ጋር ሲተያይ ነው።

ለኹጥባ አንድ ሐዲስ ለሚሻ ጥራቱ ይበቃዋል። «በዚህ ጉዳይ ሐዲስ የለም» የሚል ሰው ግን የፍለጋውን ምሉዕነት ሳይፈትን ሊናገር አይገባውም።