ቃሉን ብቻ አይቶ መልስ የሚመርጥ ተማሪ

በአማርኛ ፈተና የቃላት ክፍል ነጥብ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ቃሉን የማያውቀው ተማሪ ብቻ አይደለም። ቃሉን በአንድ ፍቺው አጥብቆ የያዘውም ይስታል፤ የተሳሳቱት ምርጫዎች የሚዘጋጁትም ለእሱ ነው።

ይህን ጥያቄ እንይ። «ልጁ ትምህርቱን ሊጨርስ ቆርጦ ተነሣ» ይልና በ«ቆርጦ» ሥር ያሰምራል። ምርጫዎቹ፦ ሀ. ጎርዶ፣ ለ. ወስኖ፣ ሐ. ከፍሎ፣ መ. አቋርጦ። አራቱም አንድ ዓይነት የግሥ ቅርጽ ስላላቸው ሰዋስው አያድንም። «ጎርዶ» እንጨት ለሚቆርጥ ሰው ትክክል ነበር። «አቋርጦ» ደግሞ ከ«ትምህርቱን» ጋር አብሮ መሄድ ስለሚወድ ይማርካል፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን ይገለብጠዋል። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ በቃሉ ቦታ ተክቶ ሙሉውን ያነበበ ተማሪ «ወስኖ» ላይ ይደርሳል። ቃሉ ሌላ ቦታ ሌላ ነው፤ ትኬት የቆረጠ ገዝቷል፣ ሆዱን የቆረጠው ታሟል፣ ተስፋ የቆረጠ ደግሞ ከወሰነው ሰው ጋር ተቃራኒ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ተመሳሳይ ቃል ሲጠየቅም ነገሩ ያው ነው። «አየ» እና «ተመለከተ» ተመሳሳይ ናቸው ብለን እናስተምራለን። «ብዙ መከራ አየች» ሲባል ግን «ተመለከተች» ብሎ መተካት የባለታሪኳን መከራ የሌላ ሰው ያደርገዋል። እዚህ የሚስማማው «ቀመሰች» ነው፤ ብቻውን ሲታይ ከማየት ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ቃል።

በምሳሌያዊ አነጋገር ማጥመጃው የጋራ ቃል ነው። ለ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚቀርበውን ምረጡ ሲባል «አንበሳ ቢያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ከምርጫዎቹ መካከል ይገባል። አንበሳውን ተከትሎ የሄደ ይስታል፤ ይህኛው የሚናገረው ስለ ኃይል ማለፍ ነውና። መልሱ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ነው፤ አንበሳም ድርም የለበትም፣ መተባበር ግን አለበት።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የጠያቂው ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ገና አልደረሰም» ብሎ የ«ገና»ን ፍቺ የሚጠይቅ ፈተና ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው። ነን ያላላ ተማሪ «እስካሁን» ይላል፣ ያጠበቀው ደግሞ በዓሉን ይመርጣል፤ ሁለቱንም ስህተት ለማለት አይቻልም። መምህሩ ጥያቄውን ከማባዛቱ በፊት ዐረፍተ ነገሩን በሁለቱም አነባበብ ጮክ ብሎ ቢያነበው ችግሩ ወዲያው ይሰማዋል። ማስተካከያውም ቀላል ነው፤ «አባቴ ገና አልደረሰም» ወይም «ለገና በግ ተገዛ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።