ደሙ የት ላይ ቆመ?

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2009 እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ናታሻ ሪቻርድሰን ካናዳ ውስጥ የበረዶ ላይ ሸርተቴ ስትለማመድ ወድቃ ራሷን ተመታች። ያን ጊዜ ደህና ነበረች፤ ሐኪም ይይሽ ሲሏትም አልፈለገችም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ራስ ምታት ጀመራት። በሁለተኛው ቀን ሞተች። የኒው ዮርክ አስከሬን መርማሪዎች የሞቷ ምክንያት ኤፒዱራል የደም መፍሰስ መሆኑን ገለጹ።

ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 1989፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ሜክሲኮ ውስጥ ከፈረስ ወድቀው ነበር። የ78 ዓመት አዛውንት ናቸው። ጭንቅላታቸው ተከፍቶ ደሙ የወጣላቸው ግን ሁለት ወር ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር ነው። የእሳቸው ሰብዱራል ነበር።

አንዱ በሰዓታት የሚገድል፣ ሌላው ሳምንታት ሊቆይ የሚችል። ሁለቱን የሚለያያቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር ነው፦ አንጎልን የሚሸፍነውና ዱራ የሚባለው ጠንካራ ሽፋን። ደሙ ከዱራው በላይ፣ ከአጥንቱ ጋር ከሆነ ኤፒዱራል ነው፤ ከዱራው በታች፣ ወደ አንጎሉ በኩል ከሆነ ደግሞ ሰብዱራል። ሲቲ ስካን ላይ ዱራው ራሱ ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ አንባቢው ሐኪም ሽፋኑን አይፈልግም፤ ደሙ ምን ቅርጽ እንደያዘና የት ላይ እንደቆመ ያያል።

የድሮ ቤቶችን የአቡጀዲ ኮርኒስ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጣሪያው ሲያፈስ ውሃው ጨርቁን ወደ ታች ይወጥረዋል፤ ሆድ ሠርቶ ይንጠለጠላል። ጨርቁ በምስማር ከተያዘበት እንጨት አልፎ ግን አይሄድም። የራስ ቅል አጥንቶች የሚገጣጠሙባቸው መስመሮች ስፌት ይባላሉ፤ ዱራውም ከአጥንቱ ጋር አጥብቆ የተያያዘው በእነዚህ ስፌቶች ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አደጋው የሚደርሰው ከጆሮ ፊትና ከፍ ብሎ ባለው ስስ አጥንት ላይ ነው። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ከሥሩ የሚያልፈው የደም ቅዳ ቧንቧ ይበጠሳል፤ የልብ ግፊት ያለበት ደም ዱራውን ከአጥንቱ እየላጠ ይሄድና ስፌቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ወደ ጎን መሄድ ሲያቅተው ወደ ውስጥ ያብጣል። ስካኑ ላይ በሁለቱም ጎኑ ያበጠ፣ ልክ እንደ ምስር ፍሬ ጠርዝ ሆኖ ነጭ ይታያል።

ሰብዱራል ምስማሩን አያውቀውም። እሱ ከጨርቁ በታች ነው ያለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአንጎል ገጽ ተነሥተው ወደ ዱራው የሚሻገሩ ትናንሽ የደም መልስ ቧንቧዎች ሲበጠሱ ነው፤ በዕድሜ ብዛት አንጎል ሲሟሽሽ እነዚህ ቧንቧዎች ስለሚወጠሩ፣ አረጋውያን በቀላል ምት እንኳ ይደማሉ። ደሙ ስፌት ሳያግደው ከግንባር እስከ ማጅራት በአንጎሉ ገጽ ላይ ይዘረጋል። ቅርጹም እንደ አዲስ ጨረቃ ነው። የሚያግደው ሌላ ነገር ነው፦ ዱራው ራሱ ታጥፎ የቀኝና የግራ አንጎልን የሚለይበት ግድግዳ። ኤፒዱራል ግን ከዚህ እጥፋት በላይ ስለሆነ መሃሉን ሊሻገር ይችላል።

አንድ ምስል በምሳሌ እንይ። ወጣት ነው፤ ራሱን በድንጋይ ተመቷል። በስካኑ ግራ በኩል፣ ማለትም በታካሚው ቀኝ (ምስሉ የሚነበበው ከእግሩ ሥር ሆኖ ሽቅብ እንደማየት ነው)፣ ምስር የመሰለ ነጭ ነገር አለ። የፊተኛው ጫፉ ግንባርንና የጎን አጥንትን የሚያገናኘው ስፌት ላይ ተቆርጧል። ርዝመቱ 6፣ ከፍታው 4፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱ ተባዝተው ለሁለት ሲካፈሉ 36 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በአሜሪካ በ2006 የወጣው የቀዶ ሕክምና መመሪያ ከ30 በላይ የሆነ ኤፒዱራል፣ ታካሚው ነቅቶ ቢያወራም እንኳ፣ በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ይመክራል።

ሕጉ የሚፈርስበት ጊዜም አለ። ስንጥቁ ስፌቱን ራሱን ከከፈተው፣ ምስማሩ ተነቀለ ማለት ነውና ኤፒዱራሉ ያልፋል፤ በተለይ በሕፃናት ላይ። ለዚህ ነው ምስሉ አጥንት በደንብ በሚታይበት ቅንብር ደግሞ የሚታየው። ስስ ሰብዱራል ደግሞ ከነጩ አጥንት ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል፤ ብርሃኑ ሰፋ ተደርጎ ካልታየ ያመልጣል።

ከሁሉ የሚያታልለው የቆየ ሰብዱራል ነው። ትኩስ ደም ነጭ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ግን እየደበዘዘ የአንጎሉን ግራጫ ቀለም ይይዛል። ያኔ ጨረቃዋ አትታይም። ልምድ ያለው ሐኪም ዐይኑን ወደ አንጎሉ እጥፋቶች ያዞራል፦ በአንዱ ጎን አጥንቱ ድረስ ይደርሳሉ፤ በሌላው ጎን ግን አንድ ጣት ያህል ቀድመው ይቆማሉ።